«ቤተሰቤ ሽማግሌ ይጠብቃል»፦ ሳይደብቁም ሳያስፈሩም የትዳር ፕሮፋይል አጻጻፍ

በቴሌግራም የትዳር ፈላጊ ቻናሎች ላይ የሚለጠፉት ማስታወቂያዎች አንድ ሰው የጻፋቸው ይመስላሉ። ዕድሜ፣ ቁመት፣ ሃይማኖት፣ የትምህርት ደረጃ፣ ሥራ፣ ከዚያ «ለቁም ነገር ብቻ»፣ ከዚያ «ቀሪውን በውስጥ መስመር»። ስለ ቤተሰብ የሚነገረው ቢበዛ «ቤተሰብ አክባሪ» የምትል ሐረግ ናት። ቁይ ተወልዶ ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ለሚሠራ ሰው ግን ነገሩ የሚከብደው እዚያው በተዘለለው ቦታ ላይ ነው። ሽማግሌው መቼ ይሄዳል? ጋብቻው በቁርባን ነው ወይስ በሰማንያ? ለእናት በየወሩ የሚላከው ገንዘብ ከጋብቻ በኋላ ይቀጥላል? ዘሩስ ተቆጥሯል?

እነዚህ ጥያቄዎች ሦስት ወር ከተጻጻፉ በኋላ ሲነሱ አንደኛው ወገን የተታለለ ያህል ይሰማዋል። ሁሉም በመጀመሪያው ቀን ሲደረደሩ ደግሞ ፕሮፋይሉ የቅጥር ማስታወቂያ ይመስልና አንባቢው ሳይጽፍ ያልፋል። ሰው የሚሸሸው ግን ብዙውን ጊዜ ከፍላጎቱ ሳይሆን ከአጻጻፉ ነው። ሽማግሌና ቁርባን ለጎጃም ሰው አዲስ ነገር አይደሉም። የሚያስፈራው ከቤተሰቡና ከጸሐፊው ማን እንደሚወስን አለመታወቁ ነው።

መጀመሪያ ቤት ይደውሉ

ፕሮፋይል መጻፍ የሚጀምረው ወረቀት ላይ ነው። ቤተሰብዎ ከትዳርዎ የሚጠብቀውን ሁሉ ወደ ታች ይደርድሩ፤ በእያንዳንዱ ፊት ለፊት «የማን ፍላጎት ነው?» ለሚለው መልስ ይጻፉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደናገራል፤ ቤተሰቡ የሚፈልገውን ያውቃል ብሎ ያስባል እንጂ ጠይቆ አያውቅም። ስለዚህ ይደውሉ። «እማየ፣ ሽማግሌ ሲመጣ መጀመሪያ የምትጠይቁት ምንድን ነው?» የሚል ቀላል ጥያቄ ይበቃል። መልሱ ከገመቱት የላላ ሆኖ ይገኝ ይሆናል፤ እናት ሀብትን ትጠይቃለች ብለው ሲጠብቁ፣ እሷ የምትፈልገው የልጁን አያት ስም ብቻ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ዝርዝሩን በሦስት ይክፈሉት። አንደኛው ቤተሰብ ዝም ቢልም እርስዎ የማይለቁት ነው። ሁለተኛው የሚፈልጉት፣ ነገር ግን የሚነጋገሩበት ነው። ሦስተኛው የቤተሰብ ብቻ የሆነ፣ እርስዎ የማያምኑበት ነው። ለመለየት አንድ ጥያቄ ራስዎን ይጠይቁ፦ እናትና አባት «እንደ ወደድህ» ቢሉ ይህን ነገር አሁንም ይፈልጉታል? «አዎ» ካሉ የእርስዎ ነው፤ በቤተሰብ ስም አይጻፉት። በቁርባን ማግባት የሚፈልጉት ራስዎ ሆነው ሳለ «ቤተሰቦቼ በቁርባን ካልሆነ አይቀበሉም» ብሎ መጻፍ ሁለት ጉዳት አለው። አንባቢው እርስዎን ሳይሆን አባትዎን የሚያገባ ይመስለዋል፤ በኋላ ደግሞ «ቤተሰብህን አሳምናቸው» ሲባሉ መልስ ያጣሉ።

ሦስተኛው ክፍል ይበልጥ ይፈትናል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻ የሰብለወንጌልን ጠያቂዎች በዘር እየመዘኑ ሲመልሱ፣ ልጅቱ የምትፈልገውን የጠየቃት የለም። ያ ዘመን አልፏል ለማለት ይቀላል። ዛሬም ግን አባቱ «ከዚህ ቤት ካልሆነ» ማለቱን ደብቆ ፕሮፋይል የሚከፍት ሰው አለ። በሕጉ በኩል ነገሩ ግልጽ ነው፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 መሠረት ጋብቻ የሚጸናው በሁለቱ ተጋቢዎች ነፃና ሙሉ ፈቃድ ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን መተጫጨትን የሁለት ቤተሰቦች ውል አድርጎ ነበር የሚያየው፤ በብዙ ቤት ውስጥ ዛሬም የሚሠራው ይኸኛው ልማድ ነው። ቤተሰብዎ እዚያ ላይ ከሆነና እርስዎ ካልተስማሙ፣ ፕሮፋይሉን ከመክፈትዎ በፊት ከቤተሰብ ጋር ይጨርሱት። ያ ካልሆነ የሌላ ሰው ልጅ የእናንተ ቤት ክርክር ምስክር ትሆናለች።

ምን ለማን፣ መቼ

እውነተኛ መሆን ሁሉን በአንድ ቀን መናገር አይደለም። የሚነገርበት ቦታ ሦስት ነው፤ ፕሮፋይሉ፣ በአካል ከመገናኘት በፊት ያለው ጭውውት፣ እና ሽማግሌ ከመሄዱ በፊት ያለው ንግግር።

ፕሮፋይሉ ላይ መቅረት የሌለበት፣ ሌላው ሰው ቢያውቅ ኖሮ ገና ከመጀመሪያው የማይጽፍበት ነገር ነው። ሃይማኖት፣ ልጅ መኖሩ፣ ከዚህ በፊት ማግባት፣ የማግባት ሐሳቡና ጊዜው፣ እንዲሁም ከጋብቻ በኋላም የሚቀጥል የቤተሰብ ሸክም እዚህ ይገባሉ። «የፈታ» የሚለው ቃል ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከትዳር ጓደኛው ተለይቶ የሚኖር፣ ነገር ግን የፍቺ ውሳኔ ያልያዘ ሰው በሕግ ፊት አሁንም ባለትዳር ነው። «ተለያይተናል፤ ፍቺው ገና አላለቀም» ብሎ መጻፍ ጥቂት ሰው ያስቀራል። ሳይጽፉ መቅረት ግን ሽማግሌው ደጅ ከደረሰ በኋላ፣ ያላገባ ማስረጃ ወይም የፍቺ ወረቀት ሲጠየቅ ያጋልጣል።

በፍቅር ፈላጊ ድረ ገጾች ላይ ስለሚነገር ውሸት ከተደረጉ ጥናቶች መካከል ካታሊና ቶማ ከባልደረቦቿ ጋር በ2008 በአውሮፓ አቆጣጠር ያሳተመችው በብዛት ይጠቀሳል። በኒውዮርክ 80 ሰዎች ተጠይቀውና ተለክተው፣ 81 በመቶዎቹ ከቁመት፣ ከክብደትና ከዕድሜ ቢያንስ በአንዱ እውነቱን አልተናገሩም ነበር። ተሳታፊዎቹ ራሳቸው በጣም ትክክል ነው ያሉት ግን ስለ ትዳር ሁኔታቸው የጻፉትን ነው። ሰው ቁመቱ ላይ ሁለት ጣት ይጨምር ይሆናል፤ ልጅ እንዳለው ለመደበቅ ግን ያንገራግራል። እዚህ ያለው ችግር ከመዋሸት ይልቅ ያልተጠየቀውን ሳይናገሩ ማለፍ ነው።

ወደ ጭውውቱ የሚተላለፈው ዝርዝሩ ነው። ለእናት በወር ምን ያህል እንደሚላክ፣ ታናሽ ወንድምን ማን እንደሚያስተምር፣ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ ዝውውር ይገኝ እንደሆነ። ገንዘብ በብር ተቆጥሮ ፕሮፋይል ላይ አይወጣም፤ ከማያውቁት ሰው ጋር ተቃጥረው ከመገናኘትዎ በፊት ግን በግምት መናገር ይገባል።

የዘር ነገር ለብቻው ይነገር። በደባይ ጥላትግንና በዙሪያዋ ያሉ ሽማግሌዎች መጀመሪያ የሚያነሱት እሱን ነው፤ በልማዱ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። የቤተሰብ ሕጉ የሚከለክለው ወንድምና እኅትን፣ አክስትና አጎትን የመሰለውን ቅርብ ዝምድና ነው፤ ልማዱ ከሕጉ በጣም ይሰፋል። ከቁይ የሆነ ሰው ከደብረ ወርቅ ወይም ከቢቸና የሆነችውን ቢወድ ዝምድና ሊወጣ የሚችልበት ዕድል ቀላል አይደለም፤ የሚታወቀው ደግሞ ልብ ከተጣበቀ በኋላ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ፕሮፋይሉ ላይ የአያት ስም አይጻፉ፤ «ትውልዴ ምሥራቅ ጎጃም ነው» ይበቃል። ጭውውቱ ወደ ቁም ነገር ሲያዘነብል፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ፣ ሁለታችሁም በአባትም በእናትም በኩል የምታውቁትን ያህል ስምና የመጡበትን አጥቢያ ተለዋወጡና እያንዳንዳችሁ ቤት አዋቂ ሰው ጠይቁ። «ሽማግሌዎቻችን መጠየቃቸው ስለማይቀር እኛ ቀድመን እንጠይቅ» ብለው ካቀረቡት ማንም አይቀየምም።

ዓረፍተ ነገሩ እንዴት ይቆማል

አንድን የቤተሰብ ጥበቃ ሳያስፈራ የሚናገር ዓረፍተ ነገር ሦስት ነገር ይይዛል፤ ቤተሰቡ የሚጠብቀውን፣ እርስዎ በዚያ ላይ ያለዎትን አቋም፣ እና ለንግግር ክፍት የሆነውን። «ሽማግሌ የሚልክ ብቻ» ትእዛዝ ነው። «ቤተሰቤ ሽማግሌ ይጠብቃል፤ እኔም ደስ ይለኛል፤ መቼ እንደሚሄድ የምንወስነው ግን ሁለታችን ነን» ሲባል ግን ፍላጎቱ ሳይቀነስ መግቢያ በር ያገኛል።

ለንግግር ክፍት የሆነውን ክፍል ሳይኖር አይፍጠሩት። ስለ ቁርባን የማይነጋገሩ ከሆነ «ክፍት ነው» አይበሉ። «ጋብቻዬ በቁርባን እንዲሆን የምፈልገው እኔው ነኝ» ብለው ይዝጉት፤ በምትኩ የከተማውን ወይም የሰርጉን መጠን ነገር ይክፈቱ። አንድ የተዘጋ ነገር ሰው አያባርርም፤ ሰባት ቢሆኑ ግን ያባርራሉ። የማይለወጡት ከሦስት በላይ ከሆኑ ወደ ወረቀቱ ተመልሰው እውነት የማይለወጡ መሆናቸውን ይመርምሩ። ቁመትን እዚያ ውስጥ የሚያስገባ አይጠፋም።

ከዚህ ሌላ የሚጎዱት አሉታዊ ቃላት ናቸው። «ውሸታም አይጻፍልኝ»፣ «ጊዜ አባካኝ አልፈልግም»፣ «ሱሰኛ አይምጣብኝ»። ውሸታም ይህን አንብቦ አይመለስም፤ ሐቀኛው ግን ጸሐፊዋ ከዚህ በፊት የደረሰባትን ቂም በእሱ ላይ የምትወጣ ይመስለውና ያልፋል። መጠጥ የማይመችዎት ከሆነ «በቤቴ መጠጥ አይገባም፤ ከሚጠጣ ሰው ጋር መኖር አልችልም» ብለው ስለ ራስዎ ይጻፉት።

«ቶሎ ማግባት እፈልጋለሁ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ቶሎ ማለት ለአንዱ ሦስት ወር፣ ለሌላው ሦስት ዓመት ነው። ለሙስሊሞች የተሠራው ሙዝ የተባለ መተግበሪያ ተጠቃሚው ለማግባት ያሰበበትን ጊዜ በግልጽ ይጠይቃል፤ ሂንጅና ቲንደርም በቅርብ ዓመታት የግንኙነት ሐሳብን የሚገልጽ ቦታ ጨምረዋል። እንዲህ ያለ ቦታ በሌለበት ቴሌግራም ላይ ጊዜውን ራስዎ ይጻፉት። ለኛ አገር ሰው በቀን መቁጠሪያ መናገር ይቀላል። በዐቢይ ጾም ሰርግ ስለማይደገስ ጥር ወይም ከፋሲካ በኋላ ያለው ጊዜ ነው የሚታሰበው፤ «ከተግባባን በሚቀጥለው ዓመት ጥር» ወይም «በሁለት ዓመት ውስጥ» ሲሉ አንባቢው ልኩን ያውቃል። «ከተግባባን» የምትለዋ ቃል ትንሽ ናት፤ ብትቀር ግን ዓረፍተ ነገሩ ቀጠሮ ይመስላል።

አንድ ፕሮፋይል ከሥር እስከ ጫፍ

ነገሩን በምሳሌ እንየው። 28 ዓመት የሞላት፣ ቁይ ያደገች፣ ደብረ ማርቆስ የምትሠራ አንዲት መምህርት እናስብ። አባቷ የሉም፤ እናቷን የምትረዳው እሷ ናት። የመጀመሪያው ጽሑፏ እንዲህ ነበር እንበል፦

«ለቁም ነገር ብቻ! ኦርቶዶክስ፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው፣ ቤተሰብ አክባሪ፣ ቁመቱ ከ1.75 በላይ፣ ቋሚ ሥራ ያለው፣ ቁርባን የሚቆርብ፣ ሽማግሌ የሚልክ። ቀልደኛ ድርሽ እንዳይል። ቤተሰቤ ስለሚቸኩሉ ያልቆረጠ አይጻፍልኝ።»

ውሸት የለበትም፤ ቢሆንም ስለ እሷ የሚታወቅ ነገር የለም። እናቷን የምትረዳ መሆኗ፣ ማለትም የወደፊት ባሏን በቀጥታ የሚነካው ነገር ቀርቷል። «ቤተሰቤ ስለሚቸኩሉ» የሚለው ደግሞ የሚጽፍላትን ሰው ገና ሰላምታ ሳይሰጥ ያጣድፈዋል። ሥራዋን ማቆም እንደማትፈልግም አልተናገረችም፤ ይህ ከሁሉም በላይ ሊያጣላ የሚችለው ነው።

ወረቀቷ ላይ ስትከፍለው የማይለወጡት ሦስት ሆኑ፤ ቁርባን፣ ለእናት የሚደረገው እርዳታ፣ ሥራዋ። ሽማግሌውን ትፈልጋለች፣ ጊዜው ላይ ግን ትነጋገራለች። ቁመቱ ተሰረዘ። ችኮላው የእናቷ እንጂ የእሷ ስላልሆነ፣ ከእናቷ ጋር ተነጋግራ «ሁለት ዓመት» ላይ ተስማሙ። ሁለተኛው ጽሑፍ ይህን መሰለ፦

«28 ዓመቴ ነው። ተወልጄ ያደግሁት በምሥራቅ ጎጃም ነው፤ የምሠራውም እዚያው ነው። ኦርቶዶክስ ነኝ፤ አላገባሁም፣ ልጅ የለኝም። ከሚስማማኝ ሰው ጋር ተዋውቄ በሁለት ዓመት ውስጥ ማግባት እፈልጋለሁ፤ ጋብቻዬም በቁርባን እንዲሆን የምፈልገው እኔው ነኝ። እናቴን በየወሩ እረዳለሁ፤ ሳገባም ይቀጥላል። ቤተሰቤ ሽማግሌ ይጠብቃል፤ መቼ እንደሚሄድ የምንወስነው ግን ሁለታችን ነን። የምንኖርበትን ከተማ እንነጋገርበታለን፤ ሥራ ማቆም ግን አልፈልግም። ማታ ማታ የድሮ የክራር ዘፈን እሰማለሁ፤ ሽሮዬን የሚያማ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። አንተስ ከቤተሰብህ ስለ ማን ታስባለህ?»

ጽሑፉ ከ500 ፊደል አይበልጥም፤ ቲንደር የሚፈቅደውም 500 ነው። የፊደላችን ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል፤ በእንግሊዝኛ ሰባት ፊደል የሚወስደው በአማርኛ በሦስት ወይም በአራት ያልቃል። በሂንጅ እያንዳንዱ መልስ 150 ፊደል ስለሆነ የእናቷን ነገር በአንዱ፣ የሽማግሌውን በሌላው ትከፍለዋለች። የቴሌግራም የራስ መግለጫ ግን 70 ፊደል ብቻ ነው፤ እዚያ ዕድሜ፣ ሃይማኖትና የማግባት ሐሳብ ብቻ ይገባሉ።

የመጨረሻዋ ጥያቄ ለጌጥ አልገባችም። «ሰላም፣ እንዴት ነሽ» ብሎ ከመጀመር የሚያድን ገመድ ትሰጣለች፤ መልሱም ስለ ሰውየው ቤተሰብ ሳይጠየቅ ይናገራል። ስለ ታናናሾቹ ወይም ስለ አያቱ የሚጽፍላት ሰው የእናቷን መስመር አንብቧል። «ቆንጆ ነሽ» ብቻ የሚለው አላነበበም።

ወንድ ከሆኑም አካሄዱ ያው ነው፤ ሸክሙ ብቻ ይለወጣል። የ34 ዓመት ሰው የአንዲት ሴት ልጅ አባት ከሆነና ፍቺው ካለቀ፣ «የ6 ዓመት ልጅ አለችኝ፤ ቅዳሜና እሑድ ከእኔ ጋር ናት» ብሎ ይጽፋል። «ልጄን የምታከብር» ከማለት ይህ ይሻላል፤ ምን እንደሚጠበቅባት ሴቲቱ ራሷ ትረዳለችና። ውጭ አገር የሚኖር ሰው ደግሞ ሚስቱን ይዞ መሄድ ያስብ እንደሆነ፣ ወይስ እሱ ሊመለስ እንደሆነ ሳይጽፍ ማለፍ የለበትም።

ፕሮፋይሉን የጻፈው ሌላ ሰው ከሆነ ይባል። በሕንድ በ1996 በአውሮፓ አቆጣጠር የተጀመረው ሻዲ ዶት ኮም መጀመሪያ ከሚጠይቃቸው አንዱ ፕሮፋይሉ የማን እንደሆነ ነው፤ የራስ፣ የልጅ፣ የወንድም ወይም የእኅት። እኛም ጋ እኅት ለወንድሟ፣ ጓደኛ ለጓደኛው ይጽፋል፤ ጽሑፉ በ«እኔ» ሆኖ መልሱን የሚሰጠው ሌላ ሲሆን ግን ነገሩ ይበላሻል። «እኅቱ ነኝ የጻፍኩለት፤ ያውቃል፤ ከፈቀዳችሁ በራሱ ስልክ ይቀጥላል» የሚለው ቀላል ነው።

ትንሽ ከተማ ውስጥ

የመምህርቷ ሁለተኛ ጽሑፍ ቁይንም ደብረ ማርቆስንም እንዳልጠራ አስተውለው ይሆናል። «ቁይ፣ የሒሳብ መምህርት፣ 28» ቢባል ስሟን ከመጻፍ አይተናነስም፤ በማግስቱ መሥሪያ ቤቷ ውስጥ ይወራል። ዞኑን ይጥሩ፤ ወረዳውንና መሥሪያ ቤቱን ለጭውውቱ ያቆዩ። ይህ መደበቅ አይደለም፤ የጋብቻ ሐሳቡን የሚለውጥ መረጃ አይደለምና። ቴሌግራም ላይ Settings > Privacy and Security > Phone Number ገብተው Nobody የሚለውን ይምረጡ፤ ቅንብሩ Everybody ላይ ከሆነ የለጠፉትን ያየ ሁሉ ስልክ ቁጥርዎን ሊያገኝ ይችላል። የሚጻጻፉት በስም መለያ ብቻ ይሁን።

ዝም ሲባል ምን ማለት ነው

ፕሮፋይሉ ከተለጠፈ በኋላ ሁለት ሳምንት ይጠብቁ፤ ከዚያ የሆነውን ይመልከቱ። ማንም ካልጻፈ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የትእዛዝ ቃናው ወይም ፎቶው ነው፤ ስለ ቁርባን የጻፉትን ለመሰረዝ አይቸኩሉ። ብዙ ሰው ጽፎ «ሰላም» ብቻ ካለ የሚያያዙበት ነገር የለም፤ ጥያቄ ይጨምሩ። ሰዎች በደንብ ሲጫወቱ ቆይተው ሁሉም አንድ ቦታ ላይ የሚጠፉ ከሆነ፣ ለምሳሌ ስለ እናትዎ ሲነግሯቸው፣ ያ ነገር ከፕሮፋይሉ ላይ ቀርቷል ማለት ነው፤ ወደ ላይ ያውጡት። የሚጽፉት ይቀንሳሉ፤ የሚቀሩት ግን አውቀው የገቡ ናቸው። ሁሌ አንድ መስመር ብቻ ይለውጡ፤ ሦስት በአንድ ጊዜ ከለወጡ የቱ እንደሠራ አይታወቅም።

አንድ ነገር ግን ከፕሮፋይል ጋር አይገናኝም። በአማራ ክልል ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር የማያስታውስ የለም፤ መልእክቷን ሳታነብ የቀረች ሴት እምቢ ያለች አይደለችም። እንዲህ ባለ ቦታ ለሚኖር ሰው «ኔትወርክ ሲኖር እመልሳለሁ» ብሎ ገና ከጅምሩ መናገር አላስፈላጊ ቅሬታን ይቀንሳል።

የማይስማማ ሰው ሲጽፍ በአጭር መልስ ይሰናበቱ። «ስለ ጻፍክልኝ አመሰግናለሁ፤ በቁርባን ጉዳይ አንስማማም፤ መልካሙን ይግጠምህ» ይበቃል። ምክንያቱን አንድ ብቻ ይንገሩ፤ ሁለተኛ ከጨመሩ ክርክር ይጀመራል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ሽማግሌ ነገ ልላክ» የሚል ወይም የትራንስፖርት ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ሲገጥምዎ ግን ማሰናበቻም አያስፈልግም፤ ያግዱት።

ቃል ተያይዞ ሽማግሌው የሚሄድበት ቀን ሲቆረጥ ፕሮፋይሉን ያጥፉ። መተግበሪያውን ከስልክ ላይ ማራገፍ መለያውን አያጠፋውም፤ ከቅንብሩ ገብተው መለያው ራሱ መሰረዝ አለበት። ቻናል ላይ የተለጠፈ ከሆነ አስተዳዳሪው ልጥፉን እንዲያነሳው ይጻፉለት፤ ካልተነሳ የሙሽራዋ አጎት ሽማግሌው በመጣ በሳምንቱ ስልኩ ላይ ሊያየው ይችላል።